ግልባጭ ለሰፈራ ጽሕፈት ቤት

ጥፋቱ የኔ ነበር። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ በዚያ ሰሞን ከመታኋቸው ደብዳቤዎች በአንዱም ላይ እንዳሰፍረው ስላልተፈቀደልኝ ነው።

አሶሳ ውስጥ የቴሌግራም ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የተወለድኩት ባምባሲ ነው፤ ታይፕ የተማርኩት ነቀምት። ቤቱን የያዝነው ሦስት ሰዎች ነን። ኃላፊያችን ቴሌግራም በሬዲዮ ይቀበላሉ፣ ይፈርማሉ፣ ማህተሙ የሚቆለፍበትን መሳቢያ ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ። እኔ መዝገቡንና ታይፑን እይዛለሁ። ሦስተኛው የመንጌ ሰው የሆኑ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ፤ መልእክት ለየመንደሩ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። የሰፈራው ትራክተር ሲገኝ ተሳቢው ላይ ይሳፈራሉ፣ ሳይገኝ በእግራቸው ይሄዳሉ።

ሰፋሪዎቹ ከወሎና ከትግራይ መጥተው የተበተኑባቸው መንደሮች ለኛ በቁጥር ነበር የሚታወቁት። መንደር አራት፣ መንደር አሥራ ሁለት እየተባለ። የትኛው ቁጥር የት እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል፤ ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት ቴሌግራሞቹን እሱን እያዩ ይለያሉ። ክረምቱ ላይ አዲስ ሰፋሪ ሲጨመር የሰፈራ ጽሕፈት ቤቱ የመንደሮቹን ቁጥር ቀየረና አዲሱን ዝርዝር በደብዳቤ ላከልን። ደብዳቤውን ተቀብዬ መዝገብ ላይ አስፍሬ ፋይል ውስጥ ከተትኩት። ነገ መትቼ እለጥፈዋለሁ ብዬ ነበር። ያ ነገ ሳይመጣ ክረምቱ ወጣ፣ መስከረምም አለፈ።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ አንድ የወሎ ሰው ማመልከቻ ይዞ መጣ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጋቢውን መስቀለኛ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ እንጂ ግባ እስኪባል አልገባም። ማመልከቻውን የጻፈለት ማንበብና መጻፍ የሚችል የመንደሩ ሰው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከአገሩ ሲጫኑ እሱ በአንድ መኪና፣ ሚስቱና ልጁ በሌላ መኪና ሄዱ። እሱ አሶሳ ወረደ፣ እነሱ የት እንደወረዱ ሳያውቅ ዓመት አለፈው። በመጨረሻ ሚስቱ ያለበትን ሰምታ ከመተከል በኩል ቴሌግራም አስመታች። አለን፣ ልጁም አለ፣ ና ይላል። ቴሌግራሙ እጁ የገባው ጥቅምት ሃያ ስምንት ነው። በዚያው ወር የሰፈራ ጽሕፈት ቤቱ ቤተሰባቸው የተለያየባቸውን ሰዎች እየመዘገበ የይለፍ ወረቀት ሊሰጥ ነበር፤ ማስረጃ ያለው ይምጣ ተብሎ መዝገቡ ጥቅምት ሃያ ተዘግቷል። ያለ ይለፍ ወረቀት ከመንደር የወጣ ሰው ኬላ ላይ ይያዛል። ሰውየው ሃያ ስምንት ቀን ማስረጃውን ይዞ ሲሄድ ዘግይተሃል ብለው መለሱት።

መዝገቤን ገለጥኩ። ቴሌግራሙ እኛ ዘንድ የገባው ጥቅምት ስምንት ነው። ሽማግሌው በማግስቱ ይዘውት ሄደዋል፤ የሄዱት ግን ግድግዳው ላይ ባለው አሮጌ ዝርዝር ያ ቁጥር ድሮ ወደነበረበት መንደር ነው። እዚያ የመንደሩ ጸሐፊ ተቀብሎ፣ ሰውየው አንዱ የሥራ ቡድን ውስጥ ይኖር ይሆናል በሚል ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። ሃያ ቀን ሊሞላ ሲል፣ እንዲህ የሚባል ሰው የለንም ብሎ መለሰልን። ሽማግሌው ሌሎች መንደሮችን እየጠየቁ ሰውየውን አገኙትና፣ ሃያ ስምንት ቀን መቀበያው ላይ የጣት አሻራውን አስደርገው ሰጡት።

ኃላፊያችን ሽማግሌውን ጠርተው ጠየቋቸው። ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ዘርግተው፣ «እኔ ያችን ወረቀት አየ፣ ሄደ። ወላሂ ሌላ አላወቀም» አሉ። ፊቴ ጋለ። ዝርዝሩን ያልቀየርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ኃላፊያችን መነጽራቸውን አውልቀው ይህን ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳልሰማ አሉኝ። የተቆጡት በጥፋቴ አልነበረም፣ በመናገሬ እንጂ።

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ስለሳቸው ማለት አለብኝ። ወረቀት የሚፈሩ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን ወረቀት መፍራት ሞኝነት አልነበረም። ለማመልከቻው መልስ መስጠት ግዴታ ስለሆነ ቁጭ ብለው በእርሳስ አረቀቁ፣ እኔም መታሁት። «በማመልከቻዎ አጋጠመኝ ያሉትን የአገልግሎት መጓተት ተመልክተናል። ከአቅም በላይ በሆኑ ምክንያቶች አልፎ አልፎ መዘግየት ሊኖር የሚችል ሲሆን፣ ተፈጥሯል በተባለው ሁኔታ መሥሪያ ቤታችን የተሰማውን ቅሬታ ይገልጻል።» ከሥሩ አብዮታዊው መፈክር፣ ፊርማ፣ ማህተም። ጉዳዩ በሚለው መስመር ላይ እንኳ «መልስ ስለመስጠት» ነው ያስባሉኝ።

መትቼ ስጨርስ ከታይፑ ላይ አወጣሁትና አልሰጥም አልኩ። እንዲህ ስል ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነው፤ ቤት ውስጥ ከኔ ደመወዝ ሌላ የሚገባ የለም። ግን አንዴ ሲፈላብኝ አልመለስም።

«ማዘናችንን እንገልጻለን እንጂ ማጥፋታችንን አንገልጽም» አሉ ኃላፊያችን። «አንዴ አጥፍተናል ካልን ነገ መቶ ሰው በር ላይ ይሰለፋል። ከበላይ ደግሞ ማነው ያጠፋው ብለው ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ የምትጠየቂው አንቺው ነሽ።»

«ጋሼ፣ ሰውየው ማዘናችንን ምን ያደርገዋል? እሱን የሚጠቅመው ቀኑ ነው። መቼ ገባ፣ መቼ ደረሰ፣ ይኼው ነው።»

አልሰሙኝም። የቴሌግራም ቅጽ አንስቼ ጀርባውን አዙሬ ፊታቸው አኖርኩት። መሥሪያ ቤቱ ለዘገየም ሆነ ላልደረሰ ቴሌግራም ተጠያቂ አይሆንም የሚል ደንብ ታትሞበታል። ደንቡ አስቀድሞ ነጻ ካወጣን ቀን መናገር ለምን ያስፈራናል አልኩ። ቀን መናገር ጥፋት ማመን አይደለም፤ መዝገብ መገልበጥ ነው። ኃላፊያችን ደንቡን እንደ አዲስ ነገር ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ እየተነጫነጩ እርሳሱን አነሱ፤ እያንዳንዱን ቃል ተከራከርንበት። «በስህተት» የሚለውን ሰረዙ፣ እሺ አልኩ። «የተሳሳተ መንደር» የሚለውንም ሰረዙ፣ ጥርሴን ነክሼ እሺ አልኩ። በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦

«ለእርስዎ የተላከው ቴሌግራም ጥቅምት ስምንት ቀን በመዝገባችን የገባ ሲሆን፣ በእጅዎ የደረሰው ጥቅምት ሃያ ስምንት ቀን መሆኑን ከጣት አሻራዎ አረጋግጠናል። በዚህ ምክንያት ለደረሰብዎ መጉላላት ከልብ እናዝናለን። ይህ ደብዳቤ በቅጹ ጀርባ የሰፈረውን ደንብ አይለውጥም።»

ከሥሩ «ግልባጭ፦ ለሰፈራ ጽሕፈት ቤት» ብዬ ልጨምር ስል ግን እጃቸውን ታይፑ ላይ አኖሩ። ለደንበኛ የተጻፈ ለደንበኛ ይበቃዋል፣ በገዛ እጃችን ሌላ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ሄደን ራሳችንን አንከስም አሉ። ፈርመው፣ ማህተም አድርገው ሰጡት። ሰውየው ደብዳቤውን ጋቢው ውስጥ ቋጥሮ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ይህ ለእኛ የተጻፈ አይደለም፣ አናውቀውም ብለውታል። ቀኑን አይተዋል፣ ማህተሙንም አይተዋል። ግን ደብዳቤው የነሱን ስም አይጠራም፤ የነሱን ስም ያልጠራ ወረቀት መዝገብ ቤታቸው አይገባም፣ መዝገብ ቤት ያልገባ ወረቀት ደግሞ አልተጻፈም። አገራችንን የማያውቅ ይህን ቀልድ ይለዋል። ሰውየው አልተቆጣም፣ አላለቀሰምም። «ረቡዕ ወደ መተከል የሚሄድ መኪና አለ አሉ» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ቀኑ ሰኞ ነበር።

ደብዳቤውን ከእጁ ተቀበልኩ። እኛ ዘንድ የቀረውን ቅጂ፣ ቀሪውንም ከፋይል አወጣሁ። ኃላፊያችን ወንበራቸው ላይ ሆነው እያዩኝ ነው። ወረቀቱን ታይፑ ውስጥ አስገብቼ ጠቀለልኩት፣ ከማህተሙ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስተካከልኩና ግልባጭ የሚለውን መስመር መታሁ። ቀሪው ላይም ያንኑ መታሁ። ከዚያ ለሰፈራ ጽሕፈት ቤት የሚሄደውን እንደ አዲስ መታሁ። የተፈረመ ደብዳቤ ላይ መጨመር ወንጀል እንደሆነ አውቃለሁ። ሦስቱንም አምጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩና ወይ ይፈርሙበት፣ ወይ ፖሊስ ይጥሩልኝ አልኳቸው።

ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው መሳቢያውን ከፈቱ። በጨመርኩት መስመር ላይ ፊርማቸውን አኖሩበት፣ ማህተሙንም ደገሙበት። «የመታሽበትን ምልክት ከሥሩ አድርጊ» አሉ። የጸሐፊ ምልክት የስምና የአባት ስም መነሻ ሁለት ፊደል ነው። ሊያስጠይቀኝ እንደሚችል ሁለታችንም እናውቅ ነበር። አደረግሁ። ግልባጩን ሽማግሌው ራሳቸው ወስደው በመዝገብ ቤቱ መስኮት አስገቡና የገቢ ቁጥር አስጽፈው መጡ።

ማክሰኞ ከሰዓት ሰውየው ተመዘገበ። ረቡዕ ጠዋት መኪናው የሚነሳበት ቦታ ሄድኩ። ይለፍ ወረቀቱና ያ ደብዳቤ አብረው ጋቢው ጫፍ ላይ ተቋጥረዋል። ሌላው ሰው ሲጫን እሱን ወደ ዳር ጠራሁትና፣ ደብዳቤው ያላለውን ነገርኩት። አዲሱ ዝርዝር እጄ ላይ ነበር፣ ሳልለጥፈው ቀረሁ፣ የዘገየብህ በኔ ነው፣ ይቅር በለኝ አልኩ።

«አውቄው ነበር፣ እታለም» አለኝ። «ለባዳ ሰው እንዲህ ማን ይሟገታል?»

ይቅር ብዬሻለሁ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። የመኪናውን ጎን ይዞ ወጣና ከላይ ሆኖ፣ «ይቅር የምልሽ ልጄን ያየሁ ለታ ነው» አለ። መኪናው ተነሳ። ልክ ነበር፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው።

ከወር በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከተፈረመ በኋላ ደብዳቤ ላይ ስለጨመርኩ፣ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠይቅ ያዛል። ማን እንደጠቆመ አልጠየቅሁም። ታይፑ ላይ ተቀምጬ ኃላፊያችን ባስተማሩኝ አጻጻፍ መታሁት፦ «ተፈጽሟል በተባለው ድርጊት መሥሪያ ቤቱ ላይ ደርሶ ሊሆን ለሚችለው ቅሬታ የተሰማኝን ሐዘን እገልጻለሁ።» ኃላፊያችን አነበቡት፣ ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ሳል አስመሰሉትና ማህተም አድርገው ላኩት። በቂ ነው ተብሎ ፋይሌ ውስጥ ገባ።

እውነተኛውን ይቅርታ የጠየቅሁት መኪናው ጎን ቆሜ ነው፤ ቁጥርም ግልባጭም አልነበረውም። ልጁን አይቶት እንደሆነ አላውቅም። ከመተከል በኩል ቴሌግራም በገባ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ለማን እንደተጻፈ ነበር፤ ለኔ የተጻፈ አንድም አልመጣም።