ዘጠኝ ጊዜ እምቢ ያልኩት ወንድሜ

ወንድሜን እንድርያስን ሽሮ ሜዳ ውስጥ የማያውቀው የለም። ጥለት ላይ እጁ ወርቅ ነው ይሉታል፤ እኔም ሲባል ደረቴን ነፍቼ እሰማለሁ። ነጋዴ ነኝ፣ የምሸጠውን ሲያሞግሱልኝ ደስ ይለኛል። ስለ ቁማሩ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ደንበኛዬ «ይርጋለም፣ የእናቴ ጋቢ መቼ ነው የሚደርሰው?» ስትለኝ «ክር ጠፍቶ ነው፣ የኔ እመቤት» እያልኩ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ዋሽቻለሁ። ክር አልጠፋም። እንድርያስ ሸጦት ነበር።

አባታችን ከጨንቻ መጥቶ ጉለሌ የቀረ ሸማኔ ነው። እንድርያስ በስድስት ዓመቱ ክር ቀሰም ላይ ማጠንጠን ጀመረ፤ አሥራ ሁለት ሲሞላው ከአባታችን ጎን የራሱ ጉድጓድ ተቆፈረለት። ሸማኔ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ዘርግቶ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራል፤ በወረወረ ቁጥር አንድ ክር ይጨመራል። ልጅ ሆኜ አጠገባቸው ተቀምጬ መቁጠር ደስ ይለኝ ነበር። አባታችን ሲሞት እሱ ሽመናውን፣ እኔ ሱቋን ያዝን። ክሩን እኔ ገዝቼ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ሠርቶ ያመጣል፣ የእጁን ዋጋ እከፍለዋለሁ። ቸገረኝ ሲል ደግሞ ገና ካልተሠራው ላይ ቀድሜ እሰጠዋለሁ። እዚህ ገበያ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ክፉ ነገር አለበት ብሎ ያሰበም የለም።

የመጀመሪያውን ቀን አስታውሳለሁ። ዊንጌት ጋ ታክሲ ሲጠብቅ ጓደኛው ቤቲንግ ቤት ይዞት ገባ። በሃምሳ ብር አምስት የእግር ኳስ ጨዋታ ገምቶ፣ አምስቱም ስለያዙለት ስምንት ሺህ አራት መቶ ብር በላ። ለሚስቱ ለኢየሩ ቀሚስ፣ ለልጁ ለኤልሮኢ ቦርሳ፣ ለእኔ ጫማ ገዛ። ጫማውን አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። «ወንድሜ ነው የገዛልኝ» አልኩ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም። አሁን ያንን ጫማ ሳየው ፊቴ ይግላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአንድ ቃል ልናገር፤ ጠፋ። መጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር። አራቱ ጨዋታ ይዞለት አምስተኛው በአንድ ጎል ሲበላሽበት ሰው የሞተበት ይመስላል፤ ግን «ተበላሁ» አይልም፣ «ደርሼ ነበር እኮ!» ነው የሚለው። ቀጥሎ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚያስሮጣቸውን የውርርድ ውሾች ለመደ። እነሱ ቅዳሜ አይጠብቁም፣ በየአምስት ደቂቃው ይሮጣሉ። የተበላውን ለማስመለስ ሌላ ይጨምራል፣ ያም ይበላበታል። አልፎ አልፎ ደግሞ ያገኛል፤ ያገኘ ዕለት ፊቱ እንደ ሙሽራ ነው። ኢየሩ ሁለት ዓመት ቻለች። የልጅቷን የትምህርት ቤት ክፍያ የወሰደ ዕለት ኤልሮኢን ይዛ ዊንጌት እናቷ ቤት ገባች። «ሦስት ወር ሳትጫወት ከቆየህ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ከጎደለ ግን እንዳትጠራኝ» አለችው።

እኔ ቤተ ክርስቲያን «ለአንድ ሕመምተኛ ጸልዩልኝ» አልኩ። ስሙን አልተናገርኩም፣ ሕመሙንም አልተናገርኩም። ሽማግሌዎቹ ለጨጓራው ይሁን ለኩላሊቱ ሳያውቁ ጸለዩለት።

በመጨረሻ ራሱ ነው «ሆስፒታል ውሰዱኝ» ያለው። የሱስ ሕክምና ክፍል ውስጥ ኦልያድ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ አገኘን፤ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ወጣት ግን የማይቸኩል ሰው ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ቤተሰብም ይምጣ ስላለ እኔና ኢየሩ ሄድን። እኔ ምስክር ሆኜ እንደምሄድ ነበር የተሰማኝ። ጥፋተኛው ታውቋል፣ አጠገቤ ተቀምጧል።

«እንድርያስ፣ መወርወሪያህን ወርውረህ ክር ባይጨመር ስንት ጊዜ ደግመህ ትወረውራለህ?» አለው ኦልያድ።

እንድርያስ ሳቅ አለ። «ቢበዛ ሁለቴ ነው። ከዚያ ቀሰሙን አየዋለሁ። ክሩ አልቆ ነው የሚሆነው።»

«ቤቲንግ ቤት ሃያ ጊዜ ተከታትሎ ሲበላብህስ ለምን አልተነሳህም?»

«እ... ሃያ አንደኛው ሊሆን ይችላል ብዬ ነዋ።»

«ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው» አለ ኦልያድ። «ሁልጊዜ የሚሰጥ ነገር መስጠት ያቆመ ዕለት ወዲያው ይታወቅሃል፣ ትተኸው ትነሳለህ። አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚሰጥ ነገር ግን መቼ እንዳቆመ አይታወቅም። ሃያ ጊዜ ባዶ መሆኑ ድሮም ያየኸው ነው፣ ከዚያ በኋላም አግኝተህ ታውቃለህ። አንጎላችን ደግሞ የሚሞቀው ብሩ ኪስ ሲገባ ብቻ አይደለም፤ ሊገባ ይችላል ብሎ ሲጠብቅም ነው። ሳይታሰብ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። በአንድ ጎል የቀረውንም እንደ መበላት ሳይሆን ማግኘት እንደተቃረበ ይቆጥረዋል። ኮምፒውተሩ ግን ያለፈውን አያስታውስም። ሃያ ጊዜ መበላትህ ሃያ አንደኛውን አንድ ስንዝር አያቀርበውም።»

እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር። እንድርያስን በጎን እያየሁ፣ «ሰማህ?» እያልኩት ነው በልቤ። ኦልያድ ወደ እኔ ዞረ።

«እህት ይርጋለም፣ ብር ሲጠይቅዎት ምን ይሉታል?»

«እምቢ ነዋ!» አልኩ ኮራ ብዬ። «አሥር ጊዜ ቢጠይቀኝ ዘጠኙን እምቢ ነው የምለው።»

ኢየሩ መሬት መሬት ታያለች። ያልኩት የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«አሥረኛውስ?» አለኝ ኦልያድ፣ ሳይከሰኝ።

እንድርያስ ነው የመለሰልኝ፣ ቀና ሳይል። «እትዬ፣ አንዳንዴ በሦስተኛው ትሰጪኛለሽ፣ አንዳንዴ በአሥራ አምስተኛው። በስንተኛው እንደምትሰጪኝ አላውቅም እኮ። ለዚያ ነው የማልተውሽ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቲንግ ቤቱን ስረግም ነበር፤ ለካ እኔም አንዷ ማሽን ነኝ፣ ሽሮ ሜዳ የተተከልኩ። አሳዘነኝ ብዬ ሰጥቻለሁ፣ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ስሰጠው ይሄዳል፣ ሁለት ሦስት ቀን ደጄ አይቆምም። ጸጥታ ነበር የምገዛው።

ኦልያድ ደንብ አወጣልን። የእጁ ዋጋ በቀጥታ ለኢየሩ ይላካል። ክር መዝኜ እሰጣለሁ፣ መዝኜ እቀበላለሁ። ስልኩ ኢንተርኔት የሌለው ይሆናል። ለእሱ ብር በእጁ አይሰጥም፣ ከቸገረው ዕቃው ይገዛለታል። ሲጨርስ እኔን አየኝ። «አንድ ነገር ይወቁ። መስጠት ሲያቆሙ መጠየቁ መጀመሪያ ይብስበታል። ያን ጊዜ ከሰጡት፣ የበለጠ ሲጮህ እንደሚሰጡት ነው ያስተማሩት።»

«አይዞህ፣ እኔን አታውቀኝም» አልኩት። እውነቴን ነበር፣ አያውቀኝም።

ሰባ ቀን ሄደ። ሱቄ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ላይ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ምልክት አደርጋለሁ። እንድርያስ ከስቶ የነበረው ፊቱ መለስ አለ። ጋቢው እንደ ድሮው ጥብቅ ብሎ ተመታ። እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ኤልሮኢ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እየሮጠች ትመጣና እግሩ ላይ ትጠመጠማለች፤ ኢየሩም ከራቅ ብላ መቆሙን ትታ አጠገቡ መቀመጥ ጀመረች። ኢየሩ ካለችው ሦስት ወር ሃያ ቀን ብቻ ነበር የቀረው።

በሰባ አንደኛው ቀን የሠርግ ልብስ የሚመርጡ እናትና ልጅ ሱቄ ውስጥ እያሉ መጣ። ላብ አጥምቆታል።

«እትዬ፣ ስድስት መቶ ብር ብቻ ስጪኝ።»

«ለምን?»

«በቃ ስጪኝ! አታድርቂኝ!»

«የምትፈልገውን ንገረኝና እገዛልሃለሁ» አልኩት፣ ኦልያድ እንዳስተማረኝ። ስድስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ስድስት ጊዜ እምቢ አልኩ። በሰባተኛው ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሰው ስሙልኝ! ልፋቴን በልታ ነው ይህን ሁሉ ልብስ የሰቀለችው!» የጎረቤት ባለሱቆች ወጡ። እናትየው የያዘችውን ነጠላ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ያን ጊዜ ስለ ወንድሜ አላሰብኩም፣ ስለ ኤልሮኢም አላሰብኩም። ሰው ምን ይለኛል ብቻ ነበር ያሰብኩት። እጄን ኪሴ ከትቼ ስድስት መቶ ብሩን አውጥቼ ሰጠሁት። ዝም አለ፣ ሄደ። እኔም ወደ ደንበኞቼ ዞሬ ፈገግ አልኩ።

ማታውን ራሱ መጥቶ ነገረኝ። «በሁለተኛው ውድድር ዘጠኝ መቶ አገኘሁ፣ እትዬ። ተነስ ተነስ ይለኛል ውስጤ። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ስምንት ጊዜ ደገምኩ።» አንድ ብር አልተረፈውም። ወዲያው ለኦልያድ ደወልን። «ሰባው ቀን አልጠፋም፤ የሚጠፋው ከደበቃችሁት ነው። ነገ ኑ» አለን።

እሁድ ኢየሩ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ጠበቀችን። ፊቱን እንዳየችው አወቀች።

«ተጫውተሃል።»

«ተጫውቻለሁ» አለ።

«ብሩን ማን ሰጠህ?»

ዝም አለ። ደግማ ጠየቀችው፣ አሁንም ዝም አለ። እኔን እየሸፈነኝ ነበር። ሱቄ ውስጥ በሰው ፊት ያዋረደኝ ወንድሜ ትዳሩ በእጁ ላይ እየፈረሰ የእኔን ስም አላወጣም። ኤልሮኢ እግሩን ይዛ ቀና ብላ ታየዋለች። ሁሉም ነገር በእሱ እንዲላከክ ዝም ማለት እችል ነበር፤ ለጥቂት ጊዜም ዝም ብያለሁ። ይህንንም ልናገር ብዬ ነው የጻፍኩት።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት» አልኩ በመጨረሻ።

ኢየሩ ወደ እኔ ዞረች። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲህ ሁለታችሁም ከአንድ ጀምሩ» አለች። ልጅቷን አንስታ ሄደች።

አሁን ካላንደሬ ላይ በየቀኑ ሁለት ምልክት አለ፣ አንዱ እሱ ያልተጫወተበት፣ አንዱ እኔ ብር ያልሰጠሁበት። ኪሴ ብር እንዳይኖር የዕለቱን ሽያጭ በየሰዓቱ ለጎረቤቴ ለረይሃና እሰጣታለሁ፤ ለምን እንደሆነ ሁሉን ነግሬያታለሁ፣ ለደንበኞቼም ክሩ የት እንደሄደ ነግሬያለሁ። ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ቀናችን ነው። ጠዋት እንድርያስ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ። አልጮኸም። «እትዬ፣ ዛሬ ከብዶኛል፣ ሦስት መቶ ብር» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «የለም። ና ግባ፣ ለኦልያድ እንደውልለት» አልኩት። ገብቶ ተቀመጠ።

ኪሴ ባዶ እንደሆነ አውቅ ነበር። ስልክ እየደወልኩ ሳለ ግን ቁልቁል ሳይ ሌላው እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቶ ብር ይፈልጋል።