ተመልካቾቼ በየት በኩል እንደሚመጡ

ሶዶ ገበያ ጎመን ስገዛ እንኳ ሻጮቹ ሳቃቸውን አፍነው ነው የሚመልሱልኝ። በዩቲዩብ ቻናላችን ላይ ባሏን ቁም ስቅሉን የምታሳየው ጯሂ ሚስት እኔ ነኝ። የሚቀርጸውም የሚያቀናብረውም ባሌ ነው፤ ከስልኩ ጀርባ ሆኖ በድምፅ ብቻ ይመልስልኛል።

እኔ እኮ ዝምተኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ለቀልድ ጮህኩ፣ ሰው ወደደው፣ ከዚያ በኋላ መውጫው ጠፋኝ። አሁን ቤታችን የሚተዳደረው በጩኸቴ ነው። ሰልችቶኛል፤ ራሴን ስልኩ ላይ ሳይ ያቺን ሴትዮ እጠላታለሁ።

«አንድ ቪዲዮ እንደ ሰው አውርቼ ልሥራ» አልኩት። «ሰው ፈልጎኝ ወይም ሰብስክራይብ ስላደረገ ከመጣ፣ ጩኸቱን እተዋለሁ።»

«እሺ፣ የዩቲዩቡ ሪፖርት ይፍረድ» አለ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ቃሪያውን ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ድንጋይ ላይ እየፈጨሁ ዳታ የሚባለውን የቃሪያ ማባያ አሠራር አሳየሁ። ድምፄን አንዴም ከፍ አላደረግሁም። በማግስቱ ሪፖርቱ ላይ የትራፊክ ምንጩን፣ ተመልካች በየት እንደመጣ የሚለውን፣ ስንከፍት ከዩቲዩብ ውጭ በተላከ ሊንክ የመጣው ከሁሉም በልጧል። ሰው ተቀባብሎኛል ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ባሌ መስመሩን ነካ ሲያደርገው ቴሌግራም ብቻ ወጣ። ለካ እዚሁ ቅርብ ቦምቤ ከተማ ላሉት ዘመዶቼ ሊንኩን የላክሁት እኔው ነኝ! አክስቴም ቀደም ብላ ደውላ «ደስ እንዲልሽ ሁላችንም ከፍተንልሻል» ብላኝ ነበር።

«እንታገስ» አለኝ። ታገስን።

ከሳምንት በኋላ ተመልካች ጨምሯል፤ የመጡት ግን አብዛኞቹ ዩቲዩብ ራሱ ጠቁሟቸው ነው። የትኛው ቪዲዮ ሥር ተጠቁሞላቸው እንደገቡ ስናይ የራሴው የድሮ የጩኸት ቪዲዮ ሥር ነው። ገብተው፣ አለመጮኼን አይተው፣ ቃሪያው ሳይደቅ ይወጣሉ። በፍለጋ የመጡት ጥቂቶቹስ ምን ብለው ነው የፈለጉት? ዳታ ብሎ የጻፈ የለም። «ጯሂዋ ሚስት» ይላል፤ ከሥሩም «ጯሂዋ ሚስት አዲስ»። ሰብስክራይብ ያደረጉት ደግሞ ገጻቸው ላይ እያዩኝ አልፈውኛል።

ባሌ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ዳታውን እየፈጨሽ ብትጮሂስ?» አለ፣ በለሆሳስ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ቤቴን፣ ስልኩን፣ ያገባሁበትን ቀን ሳይቀር አንድ ባንድ እያነሳሁ ወረድኩበት። ጎረቤት ይስማኝ አይስማኝ ግድ አልነበረኝም። እንባዬ እየወረደ ነው። ይህ ትወና አልነበረም፤ እሱም ያውቃል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

እጁ ግን ወደ ስልኩ ሄደ።

«ይቅርታ» አለኝ፣ ስልኩን ወደ እኔ አቅንቶ። «ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።»

የቤት ኪራዩን አሰብኩ። እንባዬን ጠረግሁና ደገምኩለት።