ይቅርታ የሌለበት ደብዳቤ

አየር ጤና፣ ከአንድ ቀለም መሸጫ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከባልደረባዬ ጋር ድረ ገጽ እንሠራለን። እኔ መልኩን እነድፋለሁ፤ እሱ ኮዱን ይጽፋል። ያን ሰሞን ዓለም ባንክ ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት ላላቸው አንድ አዛውንት እየሠራን ነበር። ሶፋ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን ያመርታሉ። ጽሑፉንና ፎቶውን እሳቸው እንዲያቀርቡ ተስማምተናል፤ ውሉ ላይም ሰፍሯል።

እኛ ድርሻችንን ጨረስን። ገጹ በስልክም በኮምፒውተርም ተሞከረ፤ ሠራ። ግን ባዶ ቤት ነው። ፎቶ የሚገባበት ቦታ ላይ ግራጫ ሳጥን ተደርድሯል፤ ጽሑፍ የሚገባበት ላይ «እዚህ ስለ ድርጅቱ ይጻፋል» ይላል። ስደውልላቸው «እሺ ልጄ፣ ነገ» ይሉኛል። በቴሌግራም ስጽፍላቸው ያዩታል፣ አይመልሱም።

ፋሲካ ሲቃረብ አንድ ዘመዳቸው ደወለልኝ። ለበዓሉ ባዛር ባነር አሳትመዋል፤ የድረ ገጹ አድራሻም በትልቁ ተጽፎበታል። «ልጅቷ ናት ያጓተተችው እያሉ ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ስልኩን እንደዘጋሁ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ።

«በይቅርታ ጀምሪው» አለኝ ባልደረባዬ። ለስላሳ ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ሰው ሲጣላ አስታራቂው እሱ ነው።

«ለምኑ ነው ይቅርታው?»

«ትልቅ ሰው ናቸዋ።»

«ትልቅ ሰው ስለሆኑ ነው እውነቱን የምጽፍላቸው።»

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ድረ ገጽዎ በእኛ በኩል ተጠናቋል። ሊከፈት ያልቻለው በውላችን መሠረት ከእርስዎ የምንጠብቃቸው ጽሑፎችና ፎቶዎች ስላልደረሱን ነው። የድርጅቱን ታሪክ፣ የየዕቃውን መግለጫ፣ ስለ ማድረስና ስለ ዋስትና የሚገቡትን ቃል፣ እንዲሁም ራስዎ ያመረቷቸውን ዕቃዎች ፎቶ ይላኩልን። ተሟልቶ በደረሰን በሳምንቱ እንከፍታለን። እስከዚያው ስምዎንና ስልክዎን የያዘ አንድ ጊዜያዊ ገጽ ማውጣት እንችላለን፤ ፈቃድዎን ያሳውቁን።»

ባልደረባዬ ከሥር «ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ብሎ ጨመረ። አጠፋሁት። ላክሁት።

በማግስቱ ጠዋት ደብዳቤውን አሳትመው ይዘው መጡ። ደረጃው አድክሟቸው ያለከልካሉ።

«ይሄ ደብዳቤ ነው ክስ?»

«ደብዳቤ ነው ጋሼ። ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «ፎቶ ፎቶ ትያለሽ፤ ኢንተርኔቱ ሙሉ ፎቶ አይደለም እንዴ? ቆንጆ ቆንጆውን አውርጂና ለጥፊ! ማን ያውቃል?»

ከኢንተርኔት አንድ የሚያብረቀርቅ ነጭ የቆዳ ሶፋ ከፍቼ አሳየኋቸው። «ይሄን ሠርተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ደንበኛ አይቶ ይሄንኑ ሥሩልኝ ቢልዎትስ?»

«የሚቀራረብ እንሠራለታለን።»

«ፎቶው ደግሞ ባለቤት አለው። እኔ አልለጥፍም።»

«ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ እኮ!»

«አዎ፣ ያዘዙኝ የእርስዎን ሥራ እንዳሳይ ነው። የሌላ ሰው ሶፋ አላሳይም።»

ባልደረባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰውዬው ወደ እሱ ዞረው አዩት፤ እሱ ግን ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረ።

«እሺ ጽሑፉንስ? ተምረሽ የለ? ጻፊዋ!»

«ለስንት ዓመት ዋስትና እንደሚሰጡ እኔ ልወስን?»

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጥለው «ሌላ ሰው አላጣም» ብለው ወጡ።

«የትም ቢሄዱ ፎቶ ይጠይቁዎታል» አልኩ ከኋላቸው። ባልደረባዬ «አጣናቸው» አለ። እኔም ፈርቻለሁ፤ ከጻፍኩት ላይ ግን አንድ ቃል የምመልሰው አልነበረኝም።

ባዛሩ ሊከፈት ሲል በቴሌግራም ከእሳቸው አጭር መልእክት መጣ፦ «ያቺን አንድ ገጽ አውጧት።» ወዲያው አወጣናት።

ከበዓሉ በኋላ ፎቶዎች መላክ ጀመሩ። ጨለማ ናቸው፤ አንዱ ላይ የአልጋውን ግማሽ ጣት ሸፍኖታል። «ጋሼ፣ በቀን ብርሃን፣ ደጅ አውጥተው ያንሱ። ሲልኩም ጥራቱ እንዳይቀንስ በፋይል መልክ ይላኩ» ብዬ ጻፍኩላቸው።

«አሁንም?»

«አሁንም።»

ሌላ ላኩ። ከዋንዛ የተሠራ የምግብ ጠረጴዛ፣ ራስጌው የተቀረጸ አልጋ፣ ጸሐይ ላይ ቆመው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይሄን ይዘው ነው ያን ነጭ ሶፋ ለጥፊ የሚሉኝ!

የዕቃዎቹን መግለጫ፣ የማድረሻውንና የዋስትናውን ቃልም ጽፈው ላኩ፤ ታሪኩን ግን መጻፍ አልሆነላቸውም። በድምፅ ላኩልኝ። ሙያውን ከአጎታቸው እንዴት እንደተማሩ፣ የመጀመሪያ ሥራቸው የነበረው ዱካ ገዢው ሲቀመጥበት እንዴት እንደተሰበረ፣ እየሳቁ ተረኩ። ቃላቸውን ሳልነካ ጽፌ እንዲያጸድቁት መለስኩላቸው። «የዱካዋ ትቅር» አሉ። ወደድኳት ብዬ ተከራከርኩ፤ እምቢ አሉ። ታሪኩ የእሳቸው ነው፣ ሰረዝኳት።

ባልነው ሳምንት ገጹ ተከፈተ። ጥቂት ቆይተው ደወሉ።

«ከአስኮ አንዲት ሴት ደውላ አልጋውን ፈለገች። የሚቀራረብ አይደለም፤ ያንኑ ነው ያለችው።»

«ጥሩ ነው ጋሼ።»

«ጥሩ ነው» አሉና ዘጉት። አላመሰገኑኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም።