በፈቃዱ የወጣው ገርኖት

ገርኖት ፕሬል ቁጥብ ሰው ነው። «እንደምን አደርክ» ስትለው መልስ ከመስጠቱ በፊት በእርግጥ ደህና ማደሩን ያስባል። ከሲኒ ፋብሪካው እቶን ፊት ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሮት የሠራ ሰው እንኳ ድምፁን የሚሰማው ወይ ሲያስነጥስ ወይ ሲቆጣ ነበር። እኔ ኡዶ ወገቤ እምቢ ብሎኝ በጊዜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አጠገቡ ቆሜ ሳህን ስጭን ኖሬአለሁ። አሁን ደግሞ ጎረቤቱ ነኝ፤ የሁለታችንን ጓሮ የሚለየው ደረት የማይደርስ የእንጨት አጥር ነው። ስለ ገርኖት የማውቀውን አብዛኛውን የሰማሁት በዚያ አጥር ላይ ተደግፌ ነው።

ታሪኩ የጀመረው ፋብሪካው ከሦስቱ እቶኖች አንዱን ሊዘጋ ነው በተባለበት በጋ ነው። በኛ አገር ቀጣሪ ሠራተኛ ሲቀንስ ያሰኘውን አንስቶ አይጥልም። ዕድሜ ይታያል፣ የአገልግሎት ዘመን ይታያል፣ ልጆች ይታያሉ። በዚህ ሚዛን ገርኖትን የሚነካው አልነበረም። ዱላው የሚያርፈው በቬይት ላይ ነበር። ቬይት ከገባ ገና ሁለት ዓመት ያለፈው፣ አንድ ሕፃን ያለው፣ ሚስቱ ሁለተኛውን ያረገዘች ቀልደኛ ልጅ ነው። ገርኖትን «አለቃ» እያለ ይጠራዋል እንጂ ገርኖትን አለቃ አድርጎ የሾመው ሰው የለም።

ገርኖት አቧራ በለበሰ የሥራ ልብሱ ፎቅ ወጣና ለአስተዳዳሪው እንዲህ አለው፤ «ልጁን ተዉት። በሱ ቦታ እኔ እወጣለሁ። ይህን ግን ልጁ እንዳይሰማ።»

አስተዳዳሪው ደስታውን የሚደብቅበት አጣ። አንድ ነባር ሠራተኛ በገዛ እግሩ መጥቶ ልውጣ ማለቱ በየቀኑ የሚገኝ ሲሳይ አይደለም። በስምምነት ተለያየን የሚል ወረቀት ወዲያው ተዘጋጀ፤ ገርኖትም ፈረመ።

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው በየሳምንቱ ከኛ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢራ የሚጠጣ ሰው ነው። «ልፈርም ነው፣ ምን ትላለህ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነበር። ነገር ግን መጠየቅ ማለት ምሥጢሩን ማውጣት ነው፤ ምሥጢሩ ከወጣ ደግሞ ልጁ ይሰማል። ስለዚህ ዝም አለ። ለእኔ የነገረኝ ከፈረመ በኋላ ነው፣ ያውም ለማንም እንዳልናገር አስምሎ።

«ምን ትበላለህ?» አልኩት።

«ስልሳ አንድ ሞላኝ። በስልሳ ሦስት ጡረታ እገባለሁ። እንደኔ ብዙ ዓመት የከፈለና ሃምሳ ስምንትን ያለፈ ሰው ከሥራ አጥነት መድኑ ሁለት ዓመት ያገኛል። ልክ ጡረታው በር ላይ ያደርሰኛል።»

ሒሳቡ ስህተት አልነበረበትም። ሁለት ዓመት የዕድሜ ባለጠጋ የሚያገኘው ከፍተኛው ጊዜ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መድኑ ሰው ስንት ዓመት እንደከፈለ ብቻ ሳይሆን በየትኛው በር እንደወጣም ይጠይቃል።

በመጨረሻው የሥራ ቀኑ መጠጥ ቤት ተሰብስበን ሸኘነው። ሰዎች ለምን እንደሚወጣ ሲጠይቁት «ደከመኝ» አለ። ቬይት ተነሥቶ፣ «አለቃ፣ አንተ ከሄድክ ማን ሊቆጣኝ ነው?» አለና አቀፈው። ገርኖት ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ሥራ ፈላጊ ሆኖ መመዝገቡን ሰውየው አስቀድሞ በጊዜው አድርጎታል፤ እንዲህ ባለው ነገር ሰነፍ አይደለም። ሥራው ባለቀ ማግስት ደግሞ ራሱ ወደ ሥራ ማገናኛ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ሥራ አጥነቱን አስመዘገበ። የተቀበለችው ወይዘሮ ዶጽለር ናት፤ እናቷ በፋብሪካችን የሲኒ ከንፈር ላይ ወርቅ ትቀባ ስለነበር ሁላችንም እናውቃታለን። መኪና እኔ ስለምነዳ አብሬው ገብቼ ነበር።

«አቶ ፕሬል፣ ውሉ ላይ የፈረሙት በራስዎ ፈቃድ ነው?»

«አዎ።»

«ባይፈርሙ ኖሮ ፋብሪካው ሊያሰናብትዎ ነበር? ተነግሮዎት ነበር?» ይህን ስትጠይቅ ዓይኗ አዎ እንዲላት ይለምነው ነበር። እኔ እንኳ ገብቶኛል።

«የለም። የኔ ተራ አልነበረም። ለአንድ ልጅ ቦታ ለመልቀቅ ነው የወጣሁት።»

ሴትዮዋ ወንበሯ ላይ ተደገፈች። «አቶ ፕሬል፣ በቂ ምክንያት ሳይኖረው ሥራውን በራሱ የተወ ሰው አሥራ ሁለት ሳምንት ክፍያ ይታገድበታል።»

«ይህ በቂ ምክንያት አይደለም?»

«ለእኔ ነው። ለሕጉ ግን አይደለም። መድኑ የሚጠብቀው ሥራውን ያለፈቃዱ ያጣውን ሰው ነው እንጂ ሥራውን ለሌላ የሰጠውን አይደለም። ራስዎ ሊሰናበቱ ተቃርበው ቢሆን ሌላ ነገር ነበር።»

«እሺ፣ አሥራ ሁለት ሳምንት ይለፍ። ከዚያ ሁለት ዓመቴን እጀምራለሁ።»

ወረቀቱን አገላበጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለት ዓመትም አይሆንም። እንዲህ ያለው እገዳ ከጠቅላላው ጊዜ ላይ ሩቡን ይቆርጣል። የሚቀርዎ አንድ ዓመት ተኩል ነው» አለችው።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆመና በጣቱ ሲያሰላ አየሁት። ከፊት ሦስት ወር ባዶ። ከኋላ ደግሞ ጡረታው ሳይከፈት ሦስት ወር ባዶ።

በአንድ ወር ውስጥ ተቃውሞ ማቅረብ ይችል ነበር። እኔም ገፋፋሁት። «አስተዳዳሪው 'ያለዚያም ልናሰናብተው ነበር' ብሎ ይጻፍልህ። ውለታህ አለበት!»

«ውሸት ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ውሸቱን የሚጽፈው እሱ ነው እንጂ አንተ ነህ?»

«የምጠቀምበት እኔ ነኝ» አለና የአጥሩን ምስማር ሲመታ ዋለ። እንዲህ ያለ ግትር ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ያናድዳል፣ ያሳዝናልም።

ሚስቱ ሮስቪታ ጥርስ ሐኪም ቤት ግማሽ ቀን ታጸዳለች። የሰማች ዕለት ጩኸቷ እኔ ጓሮ ድረስ መጣ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ሲባል አልሰማህም? አንተ ጭራሽ ዳቦውን ሰጥተህ መጣህ!» በማግስቱ ሐኪም ቤቱን ሙሉ ቀን አሠሩኝ ብላ ለመነች፤ ፈቀዱላት። ያን ክረምት ማሞቂያ የሚበራው ወጥ ቤት ውስጥ ብቻ ነበር። ገርኖት ኮቱን ደርቦ መስኮት ሥር ይቀመጣል፣ እኔም እሄድና ካርታ እንጫወታለን። ማሸነፍ እንኳ አልፈልግም ነበር።

እገዳው አልቆ ክፍያው ሲጀምር ደግሞ ሌላው መጣ። ገንዘቡ ዝም ብሎ አይበላም። በየወሩ ስድስት ቦታ ሥራ መጠየቅና መጠየቁን ማስረዳት አለበት፤ በዚህ ተስማምቶ ፈርሟል። ሲጠሩት መቅረት የለበትም፤ ከተማ ለቆ ለመቆየት ከፈለገ አስቀድሞ ያስፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ ሥራ ሲጠቁመው ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ካለ ለሦስት ሳምንት ይታገዳል፤ ከደገመው እገዳው ይረዝማል። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ መንገድ «ሩቅ ነው» አይባልም። አንድ ጊዜ ለመጋዘን ጥበቃ ላኩት። በሁለት አውቶቡስ ሄደ። እዚያ ያለው ወጣት ነጭ ጸጉሩን አይቶ «እንደውልልዎታለን» አለው። እስካሁን አልደወሉም።

ገርኖት ግን በራሱ መንገድ በትጋት ፈለገ። በእቶን ሰዎች ወግ ሥራ የሚጠየቀው ቆብ አውልቆ፣ በር አንኳኩቶ፣ እጅ ጨብጦ ነው። አናጢውን ጠየቀ፣ ወፍጮ ቤቱን ጠየቀ፣ የመቃብር ቦታ አትክልተኛውን ሳይቀር ጠየቀ። ሁሉም «ገርኖት፣ ቢኖረን ለአንተ ነበር» ብለው ሸኙት። ወይዘሮ ዶጽለር ማስረጃ ስትለው፣ «የጨበጥኳቸውን ሰዎች ይጠይቁ» አላት። አንድ መልስ፣ አንድ የማመልከቻ ግልባጭ እንኳ በእጁ የለም። ጊዜ ሰጠችው፤ በሚቀጥለውም ወር የሰው እጅ ሲጨብጥ ከርሞ መጣ። በቂ ጥረት አላስረዳም ተብሎ የሁለት ሳምንት እገዳ ሊጣልበት ሆነ፤ ከመጽናቱ በፊት ቀርቦ እንዲያስረዳ ተጠራ።

በዚያው ሰሞን ፋብሪካው ከሰረ። በፀደይ መጨረሻ የቀሩት ሁለት እቶኖች ጠፉ፣ ሁሉም ሰው ተሰናበተ። ገርኖት ስለ ልጁ የከፈለው ሁሉ የገዛለት አንድ ክረምትና አንድ ፀደይ ብቻ ሆነ። በቦታው ቢቆይ ኖሮ እሱንም ከሁሉም ጋር ያሰናብቱት ነበር፤ ያኔ ያለ ምንም እገዳ ሙሉ ሁለት ዓመቱን ይዞ ጡረታውን አልፎ ይሄድ ነበር።

ገርኖት ሊያስረዳ በተጠራበት ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ተቀምጠን ሳለ ቬይት ከአንዱ ክፍል ወጣ። ሲያየን ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ ድሮው አልነበረም።

«አለቃ! አንተም እዚህ ነህ? የኔ አለቀ። እገዳ የለም፣ ክፍያው ከመጀመሪያው ቀን ነው። አንድ ዓመት ሰጡኝ፤ በኔ ዕድሜ ከዚህ በላይ የለም አሉ። ደግሞም አያስፈልገኝም፣ የብሎን ፋብሪካው ሰዎች በሚመጣው ወር ና ብለውኛል።»

«ጥሩ ነው» አለ ገርኖት።

ቬይት አልሄደም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። «መጠጥ ቤት ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ? ቀበሮው ይሉሃል። ፋብሪካው እንደሚወድቅ ሸትቶህ ነው አሉ ቀድመህ የወጣኸው። ሁለት ዓመትህን ይዘህ ቤትህ እግርህን ዘርግተሃል፣ እኛ እስከ መጨረሻው የእቶኑን ጋሪዎች ስንገፋ።» እጁን ከኪሱ አወጣና፣ «ቢያንስ ለእኔ ሹክ ብትለኝ ምን ነበር? እንደ አባት ነበር እኮ የማይህ» አለ።

አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ገርኖት በከባድ ጫማው እግሬን ረገጠኝ፣ ሳያየኝ።

«ልጁ እንዴት ነው? አዲሱ?» አለው።

«ሴት ናት። ደህና ናት።» ቬይት ትከሻውን ነቀነቀና ወደ ደረጃው ሄደ። ደህና ዋል አላለውም።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «እንዴት ዝም ትላለህ? ስምህን እኮ ነው ያጠፋው! ሮጬ ልንገረው?»

«ተቀመጥ፣ ኡዶ።»

«ምን ትጠቀማለህ?»

ገርኖት ቬይት የሄደበትን ደረጃ ሲያይ ቆየ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ይህን በሠላሳ ስምንት ዓመት አይቼበት አላውቅም።

«የሰጠሁት ነገር አሁን የለም። ፋብሪካው ተዘግቷል» አለ። «ብነግረው ለሱ የሚተርፈው ዕዳው ብቻ ነው።»

የወይዘሮ ዶጽለር በር ተከፈተና ስሙን ጠራች። ቆቡን አውልቆ ገባ።