የከፈልኩበት ሰጋቱራ

በደርግ ጊዜ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ አናጢ ዘንድ ቁምሳጥን ሳሠራ፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል የመጨረሻ ዋጋውን ቢነግረኝ ጮህኩ።

«ቁምሳጥኑ ላይ ለማይውል ጣውላ ምን ብዬ ነው የምከፍለው?»

«አቦ እህቴ! ጣውላ ሲላግና ሲቆረጥ ያልቃል፤ የሚወድቀውንም የገዛሁት እኔ ነኝ። መሳቢያ ጨምር፣ በሩን ቀይር እያልሽ ያስፈረስሽኝም ሥራ ነው። ቫርኒሹም ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ እንደገና ይቀባል።»

«እንግዲያው ቁርጥራጩም ሰጋቱራውም የኔ ነው! አንድ እፍኝ እንዳታስቀር!»

ሳቀብኝ። «የጋሪውን ግን ራስሽ ትከፍያለሽ።»

እልህ ይዞኝ እሺ አልኩ።

ቁምሳጥኑ ያለቀ ዕለት ሁለት ጋሪ በራችን ላይ ቆመ፤ አንዱ ቁምሳጥኑን፣ ሌላው ሰጋቱራና ቁርጥራጭ የሞላባቸውን ጆንያዎች ጭኗል። ባሌ በሳቅ ፈረሰ። ነገር ግን ከሰልም ላምባም የጠፋበት ሰሞን ነበርና፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሰጋቱራ ምድጃውን ይዞ ግቢያችንን ሞላው። ስንሞላ፣ ስንጠቀጥቅ፣ ስንስቅ ዋልን። ቁምሳጥኑን ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም።

በሳምንቱ አናጢው ራሱ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ምድጃዋ ባዶ የቀረባት ሚስቱ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ግዛ ብላ ልካው ነው።

ዋጋውን ነገርኩት። የጋሪውንም ጨምሬ።