ዘይቱ ብርጭቆ ላይ ሲሆን

ፊዚክስን በአቋራጭ ማስተማር የታወቅኩበት ሙያ ነው። አንድ ምዕራፍ የሚፈጀውን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልዬ ተማሪ ሲያጨበጭብልኝ፣ ጭብጨባው ከየካ ተነስቶ ጉርድ ሾላ ድረስ ትራፊክ የሚያስቆም ይመስለኝ ነበር። ከአቋራጮቼ ሁሉ ዝነኛው ስለ ስስ ሽፋን የነበረው ነው። የሳሙና አረፋ ወይም ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ዘይት ቢያንስ ስንት ቢወፍር ነው አንድን ቀለም አድምቆ የሚያንጸባርቀው? እኔ ወንበር ላይ እወጣና፣ «የብርሃኑን የሞገድ ርዝመት በኢንዴክሱ አካፍል፣ የመጣልህን ደግሞ ለአራት ቁረጥ!» እላለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ለአራት ቁረጥ!» ይላል። የጎረቤት ክፍል አስተማሪ ግድግዳ ይደበድባል። ኢንዴክስ የምንለው ሽፋኑ ብርሃንን ስንት እጥፍ እንደሚያዘገይ የሚናገረውን ቁጥር ነው።

ለአረፋው ልክ ነው። ውኃ ላይ ላለው ዘይትም ልክ ነው። ችግሩ፣ ባለፈው ግንቦት የሞዴል ፈተናውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዘይቱንም ውኃ ላይ ሳይሆን ብርጭቆ ላይ አፈሰስኩት። ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ለውጥ ፈልጌ ይሆናል።

በፈተናው ማግስት ከሰዓት በኋላ መልሶቹን የያዘውን ወረቀት ይዤ ቤተ ሙከራ ገባሁ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ እኩያዬ የሆነች፣ ቀልዴን ቀድማኝ የምትጨርስ ሴት ናት። ጠርሙስ እያጠበች ነበር። በዚያ ፈተና በፊዚክስ ከፍተኛ ውጤት ያመጡ ሁለት ልጆች ለክፍለ ከተማው የጥያቄና መልስ ውድድር ይላካሉ። ዝርዝሩን በአሥር ሰዓት ለዳይሬክተሩ ማስረከብ አለብኝ። አንደኛው ቁርጥ ነው። ሁለተኛው የእሷ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ስምንት። ቀጥላ ያለችው አንዲት ዝምተኛ ልጅ፣ ሠላሳ ሰባት።

ዝምተኛዋ ወረቀቷን ይዛ ስትገባ ከእንጦጦ የወረደ ነፋስ በሩን ከኋላዋ ጓ! አደረገው። ያ በር ከውስጥ እጀታ የለውም፤ ከወደቀ ዓመታት ሆኖታል። ወዲያው በረዶ ጀመረ። የእንቁላል ያህል ነበር እላለሁ፤ ሌሎች የሽንብራ ያህል ነው ይላሉ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ዘበኛው ሊሰማን ይቅርና እኛም እርስ በርስ መደማመጥ አቃተን።

«ዘበኛው የሚመጣው ሲያባራ ነው» አለች ኃላፊዋ እየሳቀች። «እስከዚያ አስተምረን።»

«ቲቸር፣ ጥያቄ አሥራ ሰባት...» አለች ልጅቱ።

በዋዜማው ማታ ሳርም እኔም አሥራ ሰባትን ሳየው አንድ ነገር ቆርቁሮኝ፣ ወረቀቱን ገልብጬ ነበር የተኛሁት።

ጥያቄው ይኸው ነው። ኢንዴክሱ አንድ ነጥብ አራት የሆነ ዘይት፣ ኢንዴክሱ አንድ ነጥብ አምስት የሆነ ብርጭቆ ላይ ተቀብቷል። የሞገድ ርዝመቱ አምስት መቶ ስድሳ ናኖሜትር የሆነ ብርሃን በቀጥታ ሲያርፍበት አድምቆ እንዲያንጸባርቅ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ውፍረት ስንት ነው? እኔ፦ አምስት መቶ ስድሳ ሲካፈል ለአንድ ነጥብ አራት፣ አራት መቶ፤ ለአራት ሲቆረጥ መቶ። ክፍሉ በሙሉ መቶ ብሏል። እሷ ብቻ ሁለት መቶ።

«ክፍሉ በሙሉ ተሳስቶ አንቺ ብቻ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቲቸር፣ እዚህ ያለውን የሳሙና ውኃ ልጠቀም?»

ኃላፊዋ ሳትጠየቅ የሽቦ ቀለበት አቀበለቻት። ልጅቱ ቀለበቱን ነክራ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ቀጥ አድርጋ ያዘችው። ውኃው ወደ ታች ሲንጠፈጠፍ ቀይና አረንጓዴ መቀነቶች ወረዱ፤ ላይኛው ጫፍ ግን ምንም ቀለም አልቀረውም፣ ጠቆረ።

«ተቀደደ?» አለች ኃላፊዋ።

«አልተቀደደም፣ በጣም ሳስቶ ነው» አልኩ፤ አፌ ልማድ ሆኖበት ራሴን እየከሰሰ ቀጠለ። «ብርሃን ይበልጥ ከሚያዘገየው ነገር ተጋጭቶ ሲመለስ ይገለበጣል፤ ግድግዳ ላይ የታሰረ ገመድ ስትመቺው ማዕበሉ ተገልብጦ እንደሚመለሰው። ከአረፋው ፊት የሚመለሰው ይገለበጣል፤ ከጀርባው፣ ከአየር በኩል የሚመለሰው አይገለበጥም። ስለዚህ ሽፋኑ ሲሳሳ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። እንዲደምቁ የኋለኛው በግማሽ ሞገድ መዘግየት አለበት። ሄዶ ተመላሽ ስለሆነ ውፍረቱ ሩብ ይሆናል።»

«ብርጭቆ ላይ ያለው ዘይትስ?» አለች ልጅቱ። «ዘይቱም ከአየር ይበልጥ ያዘገያል፣ ብርጭቆውም ከዘይቱ ይበልጥ ያዘገያል።»

በሩን ገፋሁት። በሩ ዝም አለ።

«ሁለቱም ይገለበጣሉ» አለች ራሷ። «እኩል ከተገለበጡ እንዳልተገለበጡ ነው። የኋለኛው ሙሉ ሞገድ መዘግየት አለበት። ሙሉው ዘይቱ ውስጥ አራት መቶ ነው፤ ሄዶ ተመላሽ ስለሆነ ለሁለት ሲካፈል ሁለት መቶ። ቲቸር፣ በሩብማ ይጠፋፋሉ። የእርስዎ መነጽር ላይ የተቀባው ሽፋን እኮ በሩብ ነው፤ እንዳያንጸባርቅ!»

መነጽሬን አወለቅኩ፤ ምን ላደርግበት እንደሆነ እንጃ። ደማቁን ውፍረት ጠይቄ፣ ልክ የሚጠፋበትን ውፍረት መልስ ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚህ በላይ መሳሳት ተፈጥሮ አትፈቅድም።

ያኔ ፈሪ ሁሉ የሚሮጥበትን በር አንኳኳሁ። በትምህርት ቤታችን ጥያቄ ሲበላሽ ለሁሉም ነጥቡ ይታደላል፣ ማንም አይቀየምም።

«ቦነስ እሰጣለሁ» አልኩ። «ሁሉም ያገኛል። አንቺና የእሷ ልጅ እኩል ትሆናላችሁ፣ ከዚያ ዕጣ...»

«ጥያቄው አልተበላሸም» አለች ልጅቱ። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «መልስ አለው። መልሼዋለሁ። ቦነስ አልፈልግም።»

ኃላፊዋ ጠርሙሱን አስቀመጠች። እስካሁን ሳቅ የነበረበት ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

«የኔ ልጅ ስንት አለ?»

«መቶ።»

«ከማን ተምሮ?»

በረዶው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ለአንድ ቀልድ ደመወዜን እሰጥ ነበር፤ አንድም አልመጣልኝም።

«ከእኔ» አልኩ።

«እንግዲያ የእሱ ጥፋት አይደለም፣ የእሷም አይደለም» አለች። «ግን የእሱን ወስዳ አይደለም የምትሄደው፤ የራሷን ነው። ለልጄ እኔ እነግረዋለሁ። አንተ ደግሞ ትነግረዋለህ፤ ሰው ፊት፣ ወንበርህ ላይ ሳትወጣ።»

እስክሪብቶ አወጣሁ። መቶውን ሰርዤ ሁለት መቶ ጻፍኩ፣ ጎኑ ላይ ፈረምኩ። የሁሉም ተማሪ ውጤት በአንድ ወረደ፣ የአንዲት ብቻ ወጣ። ዘበኛው ሲያባራ መጥቶ ከፈተልን፤ «እዚህ ነበራችሁ እንዴ?» አለ።

ዝርዝሩን አስረክቤ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ልጆቹ ዝናቡ ይዟቸው ሁሉም ነበሩ። የኃላፊዋ ልጅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ የሚያሾፍ ፊት አዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ ከኔ የተማረው ፊት ነው። ቀልድ የጠበቀ ክፍል ፊት መቆም የተዘጋ በር ፊት ከመቆም ይብሳል፤ ይህን የሚከፍት ዘበኛ የለም።

«አሥራ ሰባትን አውጡ» አልኩ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ። የቀልዱ መጀመሪያ መስሏቸው። እስኪያቆሙ ድረስ ጠመኔዬን ይዤ፣ መሬት ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ረጅም ጊዜ ሳቁ።