የነቀልኩት ወለል
ማራኪ ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ፀጉር ቤት ነበረኝ። ሱቁን ስከራይ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ስለነበር ሴራሚክ አስነጠፍኩበት። አከራዬ ሽማግሌው መጥተው አዩና «ሸጋ አደረግሽው፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ሞኟ አድናቆታቸውን እንደ ፊርማ ቆጠርኩት።

ልለቅ ስል ውሉን ዘረጉት፤ ተከራይ ያስገጠመውን ሁሉ አንስቶ ቤቱን እንደተረከበው ይመልሳል ይላል።

«ምነው አያ፣ ሸጋ ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ሸጋማ ነው። ውል ግን ውል ነው።»

ሴራሚኩ እየተሰባበረ ወጣ፤ ለሌላ ቤት የሚሆን አንድም አልተረፈኝም። ወለሉን መልሼ በሲሚንቶ አስለስኜ ቁልፉን ሳስረክብ አዲሷ ተከራይ አጠገባችን ቆማ ነበር።

«ሴራሚክ ባስነጥፍበትስ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሸጋ ይሆናል፣ ልጄ» አሏት።

ልነግራት ዞር ስል፣ ያንኑ ውል ሳታነብ ፈርማ ጨርሳለች።